ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን የሚቀድመው ለምንድን ነው? የበዓላቱን ቀን ከብዙ ዓመት በፊት አስልቶ የማውጣት መመሪያ

የዘንድሮውን ኢድ ይዞ 11 ቀን መቀነስ፣ ከዚያም እንደገና 11 መቀነስ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ስሌት ነው። ለአንድና ለሁለት ዓመት አያሳፍርም። ለሠላሳ ዓመት ከተሠራበት ግን ወደ አራት ቀን ገደማ ይስታል፤ የአዳራሽ ኪራይን፣ የፈተና ጊዜን ወይም የሐጅ ጉዞን አስቀድሞ ለሚያቅድ ሰው አራት ቀን ብዙ ነው። ከዚህ የተሻለው መንገድ ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። አንድ ቀመርና አንድ የጨረቃ ማጣሪያ ይበቁታል፤ ሁለቱም በኮምፒውተር የሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ በጥቂት ደቂቃ ይሠራሉ።

ከታች ያለው ሁሉ በኢድ አል ፈጥር ላይ ያተኩራል። ለሌሎቹ በዓላት የሚቀየረው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ በቦታው እንጠቁመዋለን። ቀኖቹ የተሰጡት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ነው።

አስራ አንዱ ቀን ከየት መጣ?

ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። ይህ በ12 ሲባዛ 354 ቀን ከ8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ፀሐያዊው ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነታቸው 10 ቀን ከ21 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አማካይ 11 አይደለም፤ 10.875 ነው። የጎደለችው አንድ ስምንተኛ ቀን በየዓመቱ ስትጠራቀም ነው ከላይ የተባለውን አራት ቀን የምታመጣው።

በጨረቃ ወር የሚቆጥሩ ሌሎች አቆጣጠሮች ይህን ልዩነት ተጨማሪ ወር እየጨመሩ ያስተካክሉታል። ለምሳሌ የዕብራውያን አቆጣጠር በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሚጨምር ፋሲካቸው ከጸደይ አይወጣም። በኢስላም ግን ይህ መንገድ የተዘጋ ነው። በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 36 የወራት ቁጥር አሥራ ሁለት መሆኑ ተደንግጓል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 37 ደግሞ «ነሲእ» የሚባለውን፣ ወሮችን የማዘግየት የቀድሞ ልማድ ያወግዛል። አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይጨመር ረመዳን በክረምትም በበጋም፣ በረጅሙም በአጭሩም ቀን ላይ እየወደቀ፣ 33 ዓመት ገደማ ሲሞላው ወደ ተነሳበት ወቅት ይመለሳል።

በተግባር ግን ማንም 10.875 ቀን ቀድሞ አያከብርም፤ የሚታየው ሙሉ ቁጥር ነው። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ የጎርጎርዮሳውያን ዓመት ደግሞ 365 ወይም 366። ስለዚህ በዓሉ በአንዳንድ ዓመት 10 ቀን፣ በአብዛኛው 11፣ አንዳንዴም 12 ቀን ይቀድማል። 12 የሚሆነው 354 ቀን ያለው የሒጅራ ዓመት በመካከሉ ፌብሩዋሪ 29ን ሲያገኝ ነው።

የሠላሳ ዓመቱ ዙር

ቀኑን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያገለግለው ሠንጠረዥ ጨረቃን በየወሩ አይከታተልም፤ አማካይ እንቅስቃሴዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። መሠረቱ ቀላል ነው። ወሮቹ በቅደም ተከተል 30 እና 29 ቀን እያፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ሙሐረም 30፣ ሰፈር 29፣ ረቢዑል አወል 30 እያለ እስከ ዙልሒጃ ድረስ። ድምሩ 354 ነው።

ይህ ግን ከእውነተኛው ጨረቃዊ ዓመት በ8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። ይህ ትርፍ ሰዓት ለ30 ዓመት ሲጠራቀም 264 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ ማለትም 11 ቀን ከ17 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ በ30 ዓመት ውስጥ 11 ዓመታት ለዙልሒጃ አንድ ቀን ይጨመርላቸውና 355 ቀን ይሆናሉ። እነዚህን ረጅም ዓመታት እንበላቸው። በዙሩ ውስጥ ያሉበት ተራ 2፣ 5፣ 7፣ 10፣ 13፣ 16፣ 18፣ 21፣ 24፣ 26 እና 29 ነው። ሙሉው ዙር 10,631 ቀን ይይዛል። የሚቀረው ስሕተት በ30 ዓመት 17 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን እስኪሆን ድረስ ወደ 2,500 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሲስት የሚያስተው እርጅናው አይደለም፤ አማካይ መሆኑ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ደረጃ 1፦ የሒጅራውን ዓመት ማግኘት

ከምትፈልጉት እ.ኤ.አ. ዓመት ላይ 622 ቀንሱ፣ በ33 አባዙ፣ ለ32 አካፍሉ። ለ2033 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 1411 በ33 ተባዝቶ ለ32 ሲካፈል 1455 ይሆናል። ይህ ግምት በአንድ ዓመት ሊስት ስለሚችል ሁልጊዜ አንድ ዓመት ወደ ታችና አንድ ዓመት ወደ ላይ አብራችሁ አስሉ፤ ማለትም 1454፣ 1455 እና 1456ን። ይህን ጥንቃቄ የዘለለ ሰው ከዚህ በታች የምናየውን የ2033ን ነገር አያገኘውም።

ደረጃ 2፦ የቀን ቁጥሩን ማስላት

አዲስ የሒሳብ ሠንጠረዥ ክፈቱና በ`A2` ላይ የሒጅራውን ዓመት ጻፉ። በ`B2` ላይ ይህን አስገቡ፦

```
=354*(A2-1)+INT((11*A2+3)/30)+267-466580
```

ከዚያ የ`B2`ን አቀራረብ ወደ «ቀን» ቀይሩ። የሚታየው ቀን በሠንጠረዡ መሠረት ሸዋል 1፣ ማለትም ኢድ አል ፈጥር ነው።

ቀመሩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ማወቅ ለኋላ ማስተካከያ ይረዳል። የመጀመሪያው ክፍል ያለፉትን ዓመታት በ354 ያባዛል። መካከለኛው እስከዚያ ድረስ ስንት ረጅም ዓመታት እንዳለፉ ይቆጥራል። 267 ደግሞ ሸዋል 1 በሒጅራው ዓመት ውስጥ ያላት ተራ ቁጥር ናት፤ ከፊቷ ያሉት ዘጠኝ ወራት አምስቱ 30፣ አራቱ 29 ቀን ስለሆኑ 266 ይሆናሉ፣ ቀጣዩ ቀን 267ኛ ነው። 466580 የሒጅራውን ቆጠራ ከኮምፒውተሩ የቀን ቆጠራ ጋር የሚያገናኝ ቋሚ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ለሌላ በዓል መቀየር ያለበት 267 ብቻ ነው። ለሒጅራ አዲስ ዓመት 1፣ ለዓሹራ 10፣ ለመውሊድ (ረቢዑል አወል 12) 71፣ ለረመዳን መጀመሪያ 237፣ ለአረፋ ማለትም ለኢድ አል አድሃ (ዙልሒጃ 10) 335 አስገቡ።

ወደፊት ከመሄዳችሁ በፊት ቀመሩን በሚታወቅ ቀን ፈትኑት። በ`A2` 1445 ስትጽፉ ኤፕሪል 10፣ 2024 ካልመጣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ከዚህ በአራት ዓመት የራቀ ቀን ከወጣ ፋይሉ በ1904 የሚጀምረውን የቀን ቆጠራ እየተጠቀመ ነው፤ ልዩነቱ በትክክል 1,462 ቀን ነው፣ በማስተካከያው ገጽ ላይ ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ የ2033ን ኢድ እስከ መጨረሻው ማስላት

1454ን እንውሰድ። 354 በ1453 ሲባዛ 514,362 ነው። 11 በ1454 ሲባዛ 15,994፤ 3 ሲደመር 15,997፤ ለ30 ሲካፈል 533.2፣ ክፍልፋዩ ሲጣል 533። ሁሉም ተደምሮ 466,580 ሲቀነስ 48,582 ይቀራል። ይህ ቁጥር በቀን አቀራረብ ጃንዋሪ 3፣ 2033 ነው።

አሁን 1455ን ብታስሉ 354 ቀን ብቻ ይጨምራል፤ 1454 በዙሩ 14ኛ ስለሆነ ረጅም ዓመት አይደለም። ውጤቱ ዲሴምበር 23፣ 2033 ነው። በአንድ እ.ኤ.አ. ዓመት ሁለት ኢድ አል ፈጥር ማለት ነው። ይህ በየ33 ዓመቱ ገደማ ይደጋገማል፤ ባለፈው የሆነው በ2000 ነበር። በዓሉ በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ከወደቀ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሌላው ይመጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት የዓመት እቅድ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ማየት አለበት፤ አንድ ዓመት አንድ ኢድ ብቻ ያለው ቅጽ ሁለተኛውን ይውጠዋል።

የ33 ዓመቱ ነገር ለፈጣን ማረጋገጫም ይረዳል። 34 ጨረቃዊ ዓመት ከ33 ፀሐያዊ ዓመት በአራት ቀን ተኩል ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የትኛውም ኢድ ከ33 ዓመት በኋላ ከአራት እስከ አምስት ቀን ቀድሞ ይመለሳል። የ2000ው ኢድ ጃንዋሪ 8 ነበር፤ የ2033ው ደግሞ ጃንዋሪ 3 ወጥቷል። ሒሳባችሁ ከዚህ በጣም ከራቀ የሆነ ቦታ ላይ ስሕተት አለ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያቅድ ሰው ግን እነዚህን ሁለት ቀኖች ሲገለብጣቸው ታኅሣሥ 25፣ 2025 እና ታኅሣሥ 14፣ 2026 ያገኛል፤ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ናቸው። የኢትዮጵያ ዓመትም ፀሐያዊ ስለሆነ ያው 10.875 ይሠራል፣ የሚለየው የዓመቱ መጀመሪያ ነው። እዚያ ሁለት ኢድ የሚገጥመው በመስከረም መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ወይም በጳጉሜን ሲሆን ነው። በ2002 ዓ.ም. አንዱ በመስከረም 10 ወይም 11፣ ሌላው በጳጉሜን 5 ነበር። በሠንጠረዡ መሠረት ቀጣዩ 2035 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም 6 እና ጳጉሜን 1።

ደረጃ 4፦ ጨረቃዋን መጠየቅ

እስካሁን ያገኘነው የአማካይ ቀን ነው። እውነተኛው ወር አንዳንዴ ከ29 ቀን ተኩል በብዙ ሰዓታት ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ምክንያቱም ጨረቃ በምትዞርበት ሞላላ መንገድ ላይ ፍጥነቷ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ምድርም እንዲሁ። ሠንጠረዡ 30 እና 29ን ያለ ማቋረጥ ሲያፈራርቅ በሰማይ ላይ ግን ሁለትና ሦስት ተከታታይ ወራት 30 ቀን ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የሠንጠረዡን ቀን ጨረቃዋ ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከምትሆንበት ቅጽበት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በ`C2` ላይ ይህን ጻፉ፣ አቀራረቡን «ቀንና ሰዓት» አድርጉት፦

```
=36531.598+354.36707*(A2-1420)
```

36531.598 ጃንዋሪ 6፣ 2000 በግሪንዊች ሰዓት 14:21 ነው፤ የሸዋል 1420ን ወር የጀመረችው አማካይ አዲስ ጨረቃ ናት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት አሥራ ሁለት አማካይ ወር ይጨመራል። ለረመዳን 29.53 ቀንሱ፣ ለዙልሒጃ 59.06 ጨምሩ።

ለ1454 የሚወጣው ጃንዋሪ 1፣ 2033 በ01:52 ነው፤ ለ1455 ዲሴምበር 21፣ 2033 በ10:41። እውነተኛው ቅጽበት ከነዚህ እስከ 14 ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም ሊርቅ ይችላል። ይህን ክልል በእጅ ይዞ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው፣ የመካ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት (በግሪንዊች 15:00 ገደማ) ጨረቃዋ ስንት ሰዓት ሆኗታል? ከ15 ሰዓት በታች የሆነችን ሂላል በዓይን ማየት እጅግ ብርቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ የ14 ሰዓቱ ልዩነት መልሱን ይለውጠዋል ወይ?

በዲሴምበር እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ዲሴምበር 21 ማታ ጨረቃዋ በአማካይ 4 ሰዓት ብቻ ሆኗታል፤ 14 ሰዓት ቢጨመርላትም 18 ብቻ ነው። በማግስቱ ማታ ግን 28 ሰዓት ይሆናታል። ስለዚህ ዲሴምበር 22 ማታ ታይታ በዓሉ ዲሴምበር 23 መሆኑ በጣም የሚጠበቅ ነው። ሠንጠረዡም ያንኑ ብሏል። ይህ ቀን ጠንካራ ነው።

የጃንዋሪው እንዲህ አይደለም። ጃንዋሪ 1 ማታ አማካይ ዕድሜዋ 13 ሰዓት ነው። እውነተኛው ቅጽበት ከአማካዩ ከቀደመ 27 ሰዓት ሊሆናት ይችላል፣ ከዘገየ ደግሞ ገና ፀሐይን ሳታልፍ ልትጠልቅ ትችላለች። ስለዚህ በዓሉ ጃንዋሪ 2 ወይም 3 ነው፤ ከዚህ በላይ በዚህ ማጣሪያ መለየት አይቻልም፣ መለየት እንደሚቻል አድርጎ መጻፍም ተገቢ አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው የአዲስ ጨረቃውን እውነተኛ ሰዓት ከሥነ ፈለክ ማውጫ በመውሰድ ነው። በ13 ሰዓት አካባቢ የሚወድቅ ዕድሜ ስታዩ ከቀኑ አጠገብ «ያልለየ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 5፦ የአዋጁን ዝንባሌ መለካት

ከጨረቃዋ ሌላ የሚወስነው ወሩን የሚያውጀው አካል የሚከተለው ደንብ ነው። የሳዑዲው የኡሙል ቁራ አቆጣጠር ከ1423 ሒጅራ ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ አዲስ ጨረቃው ከመካ የፀሐይ ግባት በፊት መሆኑንና ጨረቃዋ ከፀሐይ በኋላ መጥለቋን። የብሩናይ፣ የኢንዶኔዥያ፣ የማሌዥያና የሲንጋፖር የጋራ መስፈርት ደግሞ ጨረቃዋ ከአድማስ ቢያንስ 3 ዲግሪ፣ ከፀሐይ 6.4 ዲግሪ እንድትርቅ ይፈልጋል። በቱርክ የሚሠራበት መስፈርት 5 እና 8 ዲግሪ ነው፣ ግን በምድር ላይ በማንኛውም ቦታ ከተሟላ ይበቃል። በዓይን መታየትን ብቻ የሚቀበሉም አሉ። አንድ ዓይነት ጨረቃ በአራት ደንብ ስትታይ ሁለት የተለያየ ቀን ብትሰጥ አያስገርምም።

የትኛው ደንብ በእናንተ ቀን ላይ እንዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ደንቡን ማጥናት የግድ አይደለም። ያለፉትን ስድስት ወይም አሥር ዓመታት የታወጁ ቀኖች ከሠንጠረዡ ጎን ጻፉና ልዩነቱን ቁጠሩ። ለሳዑዲ አረቢያ ኢድ አል ፈጥር ከ2020 እስከ 2025 ይህ ይመስላል፦

| እ.ኤ.አ. | ሠንጠረዡ | የታወጀው | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| 2020 | ሜይ 24 | ሜይ 24 | 0 |
| 2021 | ሜይ 13 | ሜይ 13 | 0 |
| 2022 | ሜይ 3 | ሜይ 2 | አንድ ቀን ቀድሟል |
| 2023 | ኤፕሪል 22 | ኤፕሪል 21 | አንድ ቀን ቀድሟል |
| 2024 | ኤፕሪል 10 | ኤፕሪል 10 | 0 |
| 2025 | ማርች 31 | ማርች 30 | አንድ ቀን ቀድሟል |

ከስድስቱ ሦስቱ ያው ቀን፣ ሦስቱ አንድ ቀን የቀደሙ ናቸው፤ የዘገየ የለም። ስለዚህ ሳዑዲን ተከትሎ ለሚያከብር ሰው የሠንጠረዡን ቀን ከፊትና ከኋላ እኩል አንድ ቀን አድርጎ መያዝ ትክክል አይሆንም፤ መያዝ ያለበት የሠንጠረዡ ቀንና ከእሱ የሚቀድመው ቀን ነው። የጃንዋሪ 2033ቱ ማጣሪያም 2 ወይም 3 ያለው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በዓይን መታየትን በጥብቅ ከሚከተል አካባቢ የተወሰደ ዝርዝር ግን ወደ ሌላው ጎን ሊያዘነብል ይችላል፤ ለዚህ ነው የራስን ዝርዝር መሥራት ከሌላ ሰው ዝርዝር የሚሻለው።

በአንድ ዓመት ውስጥም ልዩነቱ ከወር ወር ይለዋወጣል። በሠንጠረዡ ከኢድ አል ፈጥር እስከ አረፋ በዓል 68 ቀን ነው፤ በእውነተኛው ጨረቃ ከ67 እስከ 69 ሊሆን ይችላል። በ2024 ኢድ አል ፈጥር ከሠንጠረዡ ጋር በትክክል ገጠመ፣ አረፋ ግን ሠንጠረዡ ጁን 17 ሲል በሳዑዲ ጁን 16 ተከበረ። እያንዳንዱን በዓል ለየብቻው አስሉት፤ አንዱ ስለገጠመ ሌላው ይገጥማል አትበሉ።

የሚበላሸው የት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት ሒሳብ አይደለም፣ ቀኑ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። የሒጅራ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። ቀመሩ የሚሰጠው ቀን የበዓሉን ብርሃን፣ ማለትም የኢድ ሶላት የሚሰገድበትን ጠዋት ነው። ለረመዳን ከሆነ የመጀመሪያው ጾም የሚጾምበት ቀን ነው፤ የተራዊሕ ሶላት ግን ከዚያ በፊት ባለው ማታ ይጀምራል። የማታ ዝግጅት የሚያቅድ ሰው ይህን ካልለየ ሙሉ አንድ ቀን ይስታል፣ ከዚያም ሠንጠረዡን ይወቅሳል።

ሁለተኛው ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር ሲነጻጸር የሚመጣ ልዩነት ነው። አንዳንድ ሠንጠረዦች የሒጅራ መነሻን ጁላይ 16፣ 622 (በጁሊያን አቆጣጠር) ዓርብ ያደርጋሉ፣ የእኛም እንደዚያው ነው፤ ሌሎች ከዚያ በፊት ያለውን ሐሙስ ይወስዳሉ። የነዚህ ቀን ሁሉ ያለማቋረጥ በአንድ ቀን ይቀድማል። ለ1445 ኤፕሪል 9 የሚያወጣ ሠንጠረዥ ካገኛችሁ የሐሙሱ ነው። ሌላው ልዩነት ከረጅም ዓመታቱ 16ኛውን ትቶ 15ኛውን መውሰድ ነው። ይህ የሚታየው በዙሩ 16ኛ ዓመት ላይ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ 1456 ነው። ሁለት ሠንጠረዥ ሌላው ዓመት ሁሉ ገጥሞ በ1456 ብቻ አንድ ቀን ከተለያየ ማንም አልተሳሳተም፣ የዙሩ አደራደር ነው።

ሦስተኛው ከታወጀ ቀን ተነስቶ መቁጠር ነው። የ2025ን ማርች 30 ይዞ ከዚያ በሠንጠረዡ ዓመታት ወደፊት የሚቆጥር ሰው የዚያን ዓመት የአንድ ቀን ልዩነት ወደ ሁሉም ዓመታት ይዞ ይሄዳል። ሁልጊዜ ከቀመሩ መነሻ ቁጠሩ፤ የታወጀውን ቀን ለደረጃ 5 ብቻ ተጠቀሙበት።

በወረቀት ላይ እንዴት ይጻፍ?

አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚቀረው ቀን ሁለት ተከታታይ ቀናትን አንድ ላይ ያዙ፤ ለምሳሌ «ጃንዋሪ 2 ወይም 3፣ 2033»። በደረጃ 4 ጠንካራ የሆነውን፣ እንደ ዲሴምበር 23፣ ብቻውን መጻፍ ይቻላል፣ «እንደ ጨረቃዋ መታየት» የሚለው ግን አብሮት ይሁን። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሲቀረው የአማካዩን ሰዓት በእውነተኛው የአዲስ ጨረቃ ሰዓት ተኩና ደረጃ 4ን እንደገና ሥሩ፤ የ14 ሰዓቱ ክልል ስለሚጠፋ «ያልለየ» የነበሩት አብዛኞቹ እዚያው ይለያሉ። ከዚያ በኋላም ሳይለዩ የሚቀሩት ጨረቃዋ በመታየትና ባለመታየት ድንበር ላይ የምትውልባቸው ማታዎች ናቸው። ለእነሱ ሁለቱንም ቀን ነጻ አድርጎ እስከ ረመዳን 29 ማታ መጠበቅ ነው።